አንድ ማንኪያ አብሽ ስንት ስኳር ያወርዳል? የጓዳ ዘሮችን በመለኪያ መፈተን

ወሎ ውስጥ የከፋውን ሰው «አብሽር» ብለው ያጽናኑታል። አክስቴን ግን ስኳር ከያዛት ጀምሮ መንደሩ ሁሉ የሚላት «አብሽ» ነው። «አብሽ ጠጪ፣ ክኒኑን ትገላገይዋለሽ።»

እታለም ነው የምላት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትኖራለች። ስኳር ከተገኘባት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ስሄድ ፊቷ ጠቁሮ፣ ውሃ በላይ በላዩ ስትጠጣ አገኘኋት። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። ስጠይቃት ክኒኑን ካቆመች 11 ቀኗ ነው። አንድ የስልክ ቪዲዮ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ መብላት ስኳርን «በ21 ቀን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ ነግሯታል። በባዶ ሆድ ስንለካት 287 መጣ። በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች።

ከረጋች በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር። «ታዲያ አብሽ ውሸት ነው? እናቶቻችን በከንቱ ነው የጠጡት?»

በከንቱ አይደለም። አብሽ ስኳር ላይ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ልኩ ግን ቪዲዮው ከሚለው በጣም ያንሳል። ልኩን ለማየት መለካት ነው። እኔና እታለም ያደረግነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። በዋናነት የምጽፈው ስለ አብሽ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ይከተላል። ተልባና ፌጦን መጨረሻ ላይ ነካ አደርጋቸዋለሁ።

መጀመሪያ፦ አብሹ ሆድ ውስጥ ምን ያደርጋል?

የአብሽ ዱቄት ውሃ ሲነካው አብጦ ዝልግልግ ይላል። ያንን ዝልግልግ ነገር የሚሠራው በውሃ የሚሟሟ አሰር ነው፤ ፋይበር የሚሉት። ሥራው ያለው እዚያ ነው። እንጀራ ስንበላ ስታርቹ አንጀት ውስጥ ወደ ስኳር ይፈርስና ደም ውስጥ ይገባል። አብሹ አብሮት ካለ ምግቡ በወፍራም ነገር ተከቦ ቀስ እያለ ይፈጫል። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ጎርፎ ከመግባት ይልቅ እየተንጠባጠበ ይገባል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አብሽ በዋናነት የሚጠቅመው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ሌሊት ተነስቶ በባዶ ሆድ መጠጣት ጀግንነት ሊመስል ይችላል፤ ግን ከምግቡ ተለይቶ ሲወሰድ የሚያዘገየው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ስኳር ወይም ማር ከጨመራችሁበት በአንድ እጅ የያዛችሁትን በሌላው ትለቁታላችሁ። ማርም ስኳር ነው። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ወሬ ቆሽታችሁን አያታልለውም።

በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ከህንድና ከኢራን የመጡ ናቸው። አንድ ላይ ሲታዩ፣ የዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውና በቀን ከ5 ግራም በላይ አብሽ የወሰዱ ሰዎች ስኳራቸው ዝቅ ብሏል። የሦስት ወር አማካይ ስኳርን በሚያሳየው የደም ምርመራ ሲታይ ቅናሹ በአማካይ አንድ ፐርሰንት አይሞላም። ጥናቶቹም ትንንሽና አጭር ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን በአብዛኛው ከአንድ ፐርሰንት በላይ ይቀንሳል፤ ለአሥርት ዓመታትም ተፈትኗል። አብሽ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን ከስኳር ጉዳት ያድን እንደሆነ ግን ማንም ለዓመታት ተከታትሎ አላሳየም። ስለዚህ ቦታው ከክኒኑ ጎን ነው።

ደረጃ 1፦ ፍሬውን ግዙ፣ ዱቄቱን አይደለም

የተፈጨ አብሽ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታወቅም። ባቄላም ሽምብራም ቢፈጭ ቢጫ ነው። ፍሬውን ሩብ ኪሎ ግዙ። ጥሩ አብሽ ቢጫ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ አራት ማዕዘን የሚመስልና ጎኑ ላይ ሰንጥቅ መስመር ያለው ነው። ጥቂት ፍሬ ስትነክሱ ወዲያው መራራነቱና ሽታው ሊመጣ ይገባል። ቀዳዳ ያለው ፍሬ በብዛት ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ተዉት። ከዚያ በሰፌድ አንገዋሉት፣ ጠጠሩን ልቀሙ።

ደረጃ 2፦ እጠቡ፣ አድርቁ፣ አመስ አድርጉ

ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ለጣዕም ነው። ሌላ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ3,800 በላይ ሰዎች በአንድ ክፉ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመሙ፤ ከ50 በላይ ሞቱ። ምርመራው የመራው ወደ በቀለ አብሽ ነበር። ፍሬው ከግብፅ የገባ ነው። ደረቅ ፍሬ ላይ ባክቴሪያ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆያል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል። ያልታመሰ አብሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፎ ጥሬውን መጠጣት ለባክቴሪያው ግብዣ እንደማዘጋጀት ነው።

ፍሬውን ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡ። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እያማሰላችሁ እመሱት። ሽታው ቤቱን ሲሞላና ቀለሙ ትንሽ ሲደምቅ አውርዱ። እንደ ቡና ከጠቆረ አልፏል፤ ምሬቱ በስንት ውሃ ቢታጠብም አይለቅም። እኔ የመጀመሪያውን ዙር አሳርሬዋለሁ። እታለም ቀምሳ «ይህንን ለጠላትህ አጠጣው» አለችኝ።

ሲቀዘቅዝ አስፈጩና ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡ። በወር የሚያልቅ ያህል ብቻ ይፈጭ።

ደረጃ 3፦ ማንኪያችሁን እወቁ

«አንድ ማንኪያ» የሚባለው ነገር ከቤት ቤት ይለያያል። የእታለም የሾርባ ማንኪያ ከኔ ቤቱ ይበልጣል። ቀላሉ መፍትሔ ይህ ነው። ካስፈጫችሁት ዱቄት በትክክል 100 ግራም ባለ ሱቁን አስመዝኑ። ቤት ሄዳችሁ በማንኪያችሁ፣ ሳትከምሩ አፉ ድረስ እየለካችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። የእታለም 11 ማንኪያ ሆነ። ስለዚህ አንዱ ማንኪያ 9 ግራም ገደማ ይይዛል።

የምንፈልገው በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ነው። መጀመሪያ ሳምንት ግን በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከወሰዳችሁ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ይመጣል። እኔን አትስሙኝ ያላችሁ እንደሆነ በሁለተኛው ቀን ታስታውሱኛላችሁ።

ደረጃ 4፦ ዘፍዝፉ፣ ድፉ፣ ምቱ

ማታ የለካችሁትን ዱቄት ፈልቶ የቀዘቀዘ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና ክደኑት። ጠዋት ዱቄቱ አብጦ ታች ተኝቷል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ተንሳፍፏል። ያንን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉት። መራራው በአብዛኛው እዚያ ነው። ሌላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሩ፣ ሲረጋ እንደገና ድፉ። ሁለት ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ እታለም ተጨነቀች። «መድኃኒቱን እየደፋሁት አይደለም?» ትንሽ ይሄዳል፤ አብዛኛው ዝልግልግ ግን አብጦ ታች ስለሚቀር አትጨነቁ። ምሬቱን ችሎ የሚጠጣ ሰው የተለየ ጽድቅ አያገኝም።

ከዚያ መምታት ነው። በሹካ ወይም በመምቻ እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ምቱት። ሎሚ ጨምቁበት። ወፍራም ከሆነ በውሃ አቅጥኑት። ከተመታ በኋላ ያለው ጥሩ ምልክት ከማንኪያው ላይ እየተሳበ መውረዱ ነው። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ወይ አብሹ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ ወይ ገና አላበጠም።

ደሴ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አንድ ሌሊት ውጭ ቢያድር ችግር አልገጠመንም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት፤ ከሌለ ጠዋት ዘፍዝፋችሁ ምሳ ላይ ጠጡት። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ውጭ አሳድራው ጠዋት ኮምጥጦ፣ ጥቃቅን አረፋ ሲያወጣ አገኘችው። ገና ሳይመታ አረፋ ካወጣ ይደፋ። የተመታውንም በዚያው ቀን ጨርሱት።

ደረጃ 5፦ መቼ ይጠጣ?

እኛ የመረጥነው ምሳን ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ከእንጀራው አንድ ሁለት ጉርሻ በፊት፣ ቀሪው ከምግቡ ጋር። ምሳን የመረጥንበት ምክንያት እታለም ክኒኗን ጠዋትና ማታ ስለምትወስድ ነው። ዝልግልጉ ነገር እንጀራውን እንደሚያዘገይ ሁሉ ክኒንንም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒትና አብሽ ይራራቁ።

ደረጃ 6፦ ለኩ፣ ግን በአንድ ቁጥር አትመኑ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ቀን ይለካል፣ 190 ያያል። አብሽ ይጠጣል፣ በማግስቱ 175 ያያል። «ሠራ!» ብሎ ለሰፈሩ ይነግራል። ነገር ግን ጥሩ የሚባል የቤት መለኪያ ራሱ እስከ 15 ፐርሰንት ወዲህ ወዲያ እንዲል ይፈቀድለታል። እውነተኛው ስኳር 200 ቢሆን መለኪያው 170ም 230ም ቢል ከደንቡ አልወጣም። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ሰኞ ገበያ ደርሶ መልስ በእግር መሄዱም ቁጥሩን ይለውጣል።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አንድ ዓይነት አደረግን። ምሳ 7 ሰዓት፦ አንድ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ውሃ። ክኒኗ እንደተለመደው። መለኪያ 9 ሰዓት፣ ማለት ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። የመለኪያ ወረቀቱ (ስትሪፑ) ውድ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለካን። ሁለት ሳምንት ያለ አብሽ፣ አንድ ሳምንት መልመጃ፣ ሁለት ሳምንት በቀን አንድ ማንኪያ አብሽ።

ያለ አብሽ የመጡት ቁጥሮች 214፣ 198፣ 226 እና 206 ነበሩ። አማካዩ 211 ነው። በአብሽ ደግሞ 181፣ 196፣ 172 እና 187 መጡ። አማካዩ 184 ነው። ልዩነቱ 27 ሆነ።

መሃል ላይ አንድ አስደንጋጭ ነገር ገጥሞን ነበር። ከአራቱ ቀኖች በአንዱ መለኪያው 312 አለ። እታለም እጇን ወደ ራሷ ላይ ሰደደች። ስጠይቃት ለልጅ ልጇ ሙዝ ስትልጥ ነበር። በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ እንደገና ስንለካ 206 ሆነ። ጣት ላይ የቀረው የሙዝ ስኳር ነው መለኪያውን ያሳበደው። እጅ ሳይታጠብ የመጣ ቁጥር ቁጥር አይባልም።

አራት አራት ቀን መለካት ጥናት አይባልም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ቁጥሩ የሚለው ነገር ከላይ ካነሳኋቸው ጥናቶች ጋር ይገጥማል፤ ይቀንሳል፣ በመጠኑ። ለአብዛኛው ስኳር ላለበት ሰው ከምግብ በኋላ ከ180 በታች እንዲሆን ይመከራል። 184 እዚያ አልደረሰም። የጠዋቱ የባዶ ሆድ ቁጥርማ ከ152 ወደ 148 ብቻ ነው የወረደው፤ ያ ከመለኪያው ስህተት አይለይም። የምሳ አብሽ የጠዋትን ስኳር ይነካል ብለን መጀመሪያም አልጠበቅንም።

ከዚያ እሷው ራሷ አንድ ቀን እንሞክር አለች። ያው ምሳ፣ ያው አብሽ፣ ግን ለረመዳን ማፍጠሪያ እንደምታዘጋጀው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት። ያ ወደ 36 ግራም ስኳር ነው። ቁጥሩ 259 መጣ፤ ምንም አብሽ ካልጠጣችበት ቀን በላይ። ለረጅም ጊዜ መለኪያውን ዝም ብላ ስታየው ቆየች።

የሚጠነቀቁት

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ እታለም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው አብሽ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ፤ አብሽ ሲደመር አደጋው ይጨምራል። እታለም ለቅሶ ቤት ውላ ምሳ ያሳለፈች ቀን እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት። 64 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም ነው። ከዚያ ምግብ። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ሐኪም ቤት ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ወጥ ውስጥ ያለው አብሽ ምንም አይላትም። በማንኪያ እየለኩ በየቀኑ መጠጣቱ ግን ይቅርባት። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድም እንዲሁ። ለውዝ ወይም ሽምብራ አለርጂ ያለበት ሰው አብሽም ሊያስቆጣው ይችላል፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ለአራስ «ወተት ያወርዳል» ስለሚባለው፣ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ግን እርስ በርሱ አይስማማም። ወተት የሚያመጣው ዋናው ነገር ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው። እናት ብዙ አብሽ ከጠጣች የሕፃኑ ሽንት ጣፋጭ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ያ ሽታ ሐኪሙን አንድ ከባድ በሽታ ሊያስጠረጥረው ስለሚችል መጠጣቷን ትንገረው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ አለ። እዚያው ሰፈር አንዷ ለመወፈር አብሽ ትጠጣለች፣ ጎረቤቷ ለመክሳት አብሽ ትጠጣለች። ሁለቱም «በጣም ይሠራል» ይላሉ። የመጀመሪያዋ በወተትና በማር ነው የምትጠጣው፣ ሁለተኛዋ በሎሚና በውሃ። አብሹ ሳይሆን አብሮት የገባው ነው ሥራውን የሚሠራው።

ጥቁር አዝሙድ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ጥቁር አዝሙድ በአረብኛ ሐበቱ ሰውዳ የሚባለው ነው። የኛ ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው። ከሙንም ሌላ። ከውጭ በመጣ ማሸጊያ ላይ ስሞቹ ስለሚደባለቁ ፍሬውን በዓይናችሁ እዩ።

ሲገዛ የሚያሳስተው የሽንኩርት ዘር ነው፤ በጣም ይመሳሰላሉ። ለመዝራት የሚሸጥ የሽንኩርት ዘር ደግሞ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። በመዳፋችሁ ጥቂት ፍሬ አሹ። ጥቁር አዝሙድ አፍንጫ የሚገባ ቅመማዊ ሽታ ይሰጣል፣ ሲነከስ ያቃጥላል። የሽንኩርት ዘር ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ኑግ ደግሞ ረዘም ያለና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም።

ጥናት የተደረገበት መጠን በአብዛኛው በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ነው፤ አንድ ሳይሞላ የተቀዳ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሽታው ቶሎ ስለሚበንን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ፍጩ። ዳቦ ላይ፣ እርጎ ውስጥ ይገባል። ለደም ግፊት በተደረጉ ጥናቶች ላይኛው ቁጥር በአማካይ ሦስት ነጥብ ገደማ ነው የወረደው። 160 የነበረ ሰው 157 ይሆናል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን 157ም መድኃኒት ይፈልጋል። በኮሌስትሮልና በስኳር ላይም መጠነኛ ቅናሽ ታይቷል።

ካንሰር ይገድላል የሚለው ከየት መጣ? ውስጡ ታይሞኩዊኖን የሚባል ነገር አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ብርጭቆ ሳህን ላይ ባሉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲፈስ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ብርጭቆ ሳህን ላይ በረኪናም ሕዋስ ይገድላል። በሰው ላይ ካንሰር ያዳነበት ማስረጃ የለም። ሕክምናውን ትቶ ዘይቱን የሚጠጣ ሰው የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ካንሰር ደግሞ ጊዜ ላይ ነው ሥራው።

ጉዳዩ በኛ ሀገር ሃይማኖትም ይነካል። «ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው» የሚለው ሐዲስ በቡኻሪ ውስጥ አለ። እታለምም ይህን ነው ያነሳችብኝ። መልስ የሰጣት እኔ አይደለሁም፤ ሰፈሯ ያሉት ሸኽ ናቸው። ከቀደምት ሊቃውንት ውስጥ «ለሁሉም» የሚለውን ለተወሰኑ በሽታዎች ነው ብለው ያብራሩ እንዳሉ ነገሯት። ቀጥለውም «መታከምም እኮ የታዘዘ ነው፣ ክኒንሽን ማን ከለከለሽ?» አሏት። ከእኔ አሥር ንግግር የእሳቸው አንዱ በለጠ።

ጉንፋን ሲይዛችሁ ጥቁር አዝሙድ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ቀለል ሊያደርግ ይችላል፤ ቫይረሱን አይነካውም። ፍም ላይ በትኖ ጭሱን መማግ ግን ተዉት፣ በተለይ አስም ካለ። ዘይቱን ቆዳ ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ጠብታ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቆዳው ቀልቶ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ።

ተልባና ፌጦ፣ በአጭሩ

ተልባ ለሆድ ድርቀት እውነተኛ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተፈጭቶ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ሙሉ ፍሬውን ከዋጣችሁት አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ውሃ ካነሰበት ደግሞ ድርቀቱን ያባብሰዋል። «ጨጓራ ያድናል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ዝልግልጉ ማቃጠሉን ለሰዓታት ያለዝባል። የብዙ ሰው ጨጓራ ግን ባክቴሪያ ያለበት ነው፣ ያ ደግሞ በታዘዘ መድኃኒት ነው የሚጠፋው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ተልባ መበጥበጡን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ፌጦ በሎሚ ሆድ ለታመመ ሰው ይሰጣል። እኔ የምፈራው ለወባ ሲሰጥ ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወባ አለ። ትኩሳት የያዘው ሰው ፌጦ ጠጥቶ ሁለት ቀን ሲጠብቅ ወባው አይጠብቀውም። በዚያው ቀን ደም ይመርመር። ነፍሰ ጡር ሴት ፌጦ ባትጠጣ ይሻላል። ቆዳ ላይ ለጥፎ ማሰርም ያቃጥላል፤ ውሃ ቋጥሮ ያየሁት እግር አለ።

እታለም አሁንም አብሿን በምሳ ትጠጣለች። የሦስት ወሩ ምርመራዋ 8.4 ፐርሰንት የነበረው 8 ሆነ። ሐኪሟ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የአብሹ፣ ምን ያህሉ ክኒኑን ሳታቋርጥ የመዋጧ እንደሆነ መለየት እንደማይቻል ነግሯታል። ረመዳን ሳይገባ ደግሞ ስትሄድ የክኒኗን ዓይነትና ሰዓት አስተካከለላት። ማፍጠሪያ ላይ አሁን ሁለት ጆግ አብሽ ይቀርባል። አንዱ ለልጆቹ በስኳር የተመታ ነው። ሁለተኛው ሎሚ ብቻ አለው፤ እንዳይምታታባት እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር አስራበታለች።